የላክነውን እንቁጠር ወይስ ያልተመለሰልንን? ስለ ራውንድ ሮቢን እና ሊስት ኮኔክሽንስ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ሎድ ባላንሰር ላይ፣ ማለትም የሚመጣውን ሥራ ለብዙ ሰርቨሮች በሚያከፋፍለው ፕሮግራም ላይ፣ ስለሚጻፍ አንድ መስመር ነው። `nginx` ላይ ምንም ካልጻፋችሁ ሥራው ለሰርቨሮቹ የሚከፋፈለው በራውንድ ሮቢን ነው። `least_conn` ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ በሊስት ኮኔክሽንስ ይሆናል። የምትጨምሩት አንድ ቃል ነው። ያ ቃል ግን ሎድ ባላንሰሩ የሚቆጥረውን ነገር ይቀይራል። የሚቆጥረው ነገር ሲቀየር ደግሞ ሲስተሙ የሚታመምበት መንገድም አብሮ ይቀየራል። እኔ በሁለቱም ሌሊት ከእንቅልፌ ተቀስቅሻለሁ፤ የማወራችሁም ከእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱ ምን እንደሚያደርጉ በአጭሩ ልንገራችሁ። አራት ሰርቨሮች አሉን፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው። ራውንድ ሮቢን በተራ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ሪኩዌስት ወደ ሀ ይልካል፣ ቀጣዩን ወደ ለ፣ ከዚያ ወደ ሐ፣ ከዚያ ወደ መ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ሀ። የሚያስታውሰው ተራው የማን እንደሆነ ብቻ ነው። የላከው ሥራ ይለቅ አይለቅ አያውቅም። ሰርቨሩ ቢጨናነቅም ባዶ እጁን ቢቀመጥም ለእሱ ያው ነው።

ሊስት ኮኔክሽንስ ግን ለእያንዳንዱ ሰርቨር አንድ ቁጥር ይይዛል። ሪኩዌስት ሲልክ ቁጥሩ ላይ አንድ ይጨምራል፤ መልሱ ሲመጣ አንድ ይቀንሳል። አዲስ ሪኩዌስት ሲመጣ ቁጥሩ ከሁሉም ወደሚያንሰው ሰርቨር ይልከዋል። እኩል የሆኑ ካሉ በመካከላቸው በተራ ይሄዳል። ስለዚህ አንደኛው የላከውን ይቆጥራል፣ ሌላኛው ያልተመለሰለትን። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ የሚመነጨው ከእሱ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሌሊት ልውሰዳችሁ።

ያኔ እሠራበት በነበረው ቦታ አራት ሰርቨሮች ነበሩን። እያንዳንዳቸው ስምንት ዎርከር ነበራቸው፤ ማለትም አንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ ስምንት ሪኩዌስት ያስተናግዳል፣ ዘጠነኛው ወረፋ ይይዛል። ሌሊት ላይ ለደንበኞች መግለጫ የሚያዘጋጅ አንድ ፕሮግራም ይነሳል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አራት ሪኩዌስት ይልካል። ስምና አድራሻ ይጠይቃል፣ ቀሪ ሂሳብ ይጠይቃል፣ የወሩን እንቅስቃሴ ይጠይቃል፣ በመጨረሻ ፒዲኤፉን አዘጋጅ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቀላል ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በ50 ሚሊሰከንድ ያልቃሉ። ፒዲኤፉ ግን 6 ሰከንድ ይፈጃል። ፕሮግራሙ በሰከንድ ሁለት ደንበኛ ያስኬዳል፤ ፒዲኤፉ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ያልፋል።

ሂሳቡን አብረን እናስላው። በሰከንድ ሁለት ፒዲኤፍ፣ እያንዳንዱ 6 ሰከንድ። ስለዚህ በማንኛውም ቅጽበት 12 ዎርከር ፒዲኤፍ ላይ ነው። ቀላሎቹ ሪኩዌስቶች ተደምረው ግማሽ ዎርከር እንኳን አይሞሉም። እኛ ያለን 32 ዎርከር ነው። ከግማሽ በላይ ትርፍ አለን ማለት ነው። ወረቀት ላይ ምንም ችግር ሊኖር አይገባም ነበር።

ፕሮግራሙ በተነሳ በሦስት ደቂቃ ገደማ ግን ታይምአውት መዝነብ ጀመረ። የሎድ ባላንሰሩን ሎግ ከፈትን። እያንዳንዱ ሰርቨር የተቀበለው ሪኩዌስት ብዛት እኩል ነው፤ 25 በመቶ፣ 25 በመቶ፣ 25 በመቶ፣ 25 በመቶ። የአራቱ አማካይ ጭነትም ዝቅተኛ ነው። «ማከፋፈሉስ በትክክል ነው የሚሠራው» ተባባልንና ዳታቤዙ ላይ ዘመትን። ዳታቤዙ ንጹሕ ነበር። በዚያ ሌሊት ሁለት ሰዓት ያህል የባከነው እዚያ ነው። ሎጉ የነገረን እውነት ነበር፤ እኛ ግን ከእሱ የማይገኝ ነገር ፈለግንበት። እኩል ሪኩዌስት ማለት እኩል ሥራ ማለት አይደለም።

ችግሩ የነበረው አራት እና አራት መግጠማቸው ላይ ነው። ለአንድ ደንበኛ አራት ሪኩዌስት፣ አራት ሰርቨር። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ሀ ላይ ይወድቃል፣ ሁለተኛው ለ ላይ፣ ሦስተኛው ሐ ላይ፣ ፒዲኤፉ ሁልጊዜ መ ላይ። ሌሊት ሌላ ተጠቃሚ ስለሌለ ይህን ዙር የሚያዛባው ነገር አልነበረም። ሦስቱ ሰርቨሮች በሰከንድ ሁለት ቀላል ሪኩዌስት እየተቀበሉ ከሞላ ጎደል ተኝተዋል። መ ብቻውን በሰከንድ ሁለት ፒዲኤፍ ይወርድበታል።

መ ምን ያህል ይችላል? ስምንት ዎርከር ለ6 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 1.33 ፒዲኤፍ ነው። የሚመጣበት ሁለት ነው። ስለዚህ በየሰከንዱ ወደ 0.67 ፒዲኤፍ ወረፋው ላይ ይጨመራል። በደቂቃ 40 ማለት ነው። ታይምአውታችን 60 ሰከንድ ነበር። ወረፋው 72 ሲደርስ አዲስ የሚመጣው ፒዲኤፍ 54 ሰከንድ ይጠብቅና ለራሱ ሥራ 6 ሰከንድ ይፈጃል፤ ድምሩ ልክ 60 ይሆናል። ወረፋው 72 ለመድረስ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ ያነሰ ጊዜ ይወስድበታል፤ ያኔ የመጣው ፒዲኤፍ 60 ሰከንዱን ጨርሶ ታይምአውት ሲሆን ሦስት ደቂቃ ይጠጋል። ታይምአውቱ የጀመረበት ሰዓት ከዚህ ስሌት ጋር ገጠመ። ሰዓቱ ሲገጥም ነው ምክንያቱን እንዳገኘን እርግጠኛ የሆንኩት።

አሁን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱን ከማግኘታችን በፊት አንድ ሰው አምስተኛ ሰርቨር ጨምሮ ነበር። ችግሩም ወዲያው ጠፋ። ሁላችንም «አቅም አንሶን ነበር» ብለን ተኛን። እውነቱ ሌላ ነው። አራት ለአምስት ስለማይካፈል ፒዲኤፉ በየዙሩ ቦታ መቀየር ጀመረ፣ አምስቱም እኩል ደረሳቸው። ከሳምንታት በኋላ አንዱን ሰርቨር ለማደስ አወጣነው። እንደገና አራት ሆንን። በዚያው ሌሊት ታይምአውቱ ተመለሰ። የሰርቨር ብዛት በአንድ ሲቀየር ብቅ የሚልና የሚጠፋ ችግር ካያችሁ፣ አቅም ነው ከማለታችሁ በፊት የሪኩዌስቶቹን ቅደም ተከተል እዩ።

በዚህ ጊዜ ወደ ሊስት ኮኔክሽንስ ቀየርነው። ምን እንደሚያደርግ በእጃችሁ ተከተሉት። ሁሉም ከዜሮ ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ደንበኛ ሦስት ቀላል ሪኩዌስቶች ሀ፣ ለ፣ ሐ ላይ ይወድቃሉ፣ ወዲያው ይመለሳሉ። ፒዲኤፉ መ ላይ ያርፋል። አሁን መ አንድ አለው፣ ሌሎቹ ዜሮ ናቸው። ሁለተኛው ደንበኛ ሲመጣ መ ከጨዋታው ወጥቷል። ሦስቱ ቀላሎች ሀ፣ ለ፣ ሐ ላይ ይዞሩና ፒዲኤፉ ሀ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛው ደንበኛ ሲመጣ ዜሮ ላይ ያሉት ለ እና ሐ ብቻ ናቸው። ቀላሎቹ ለ፣ ሐ፣ ለ ብለው ያልፋሉ፤ ፒዲኤፉ ሐ ላይ ያርፋል። በአራተኛው ደንበኛ ባዶ የቀረው ለ ብቻ ስለሆነ አራቱም ሪኩዌስቶች ወደ እሱ ይሄዳሉ፣ ፒዲኤፉም እዚያው ይቀራል። ሁለት ሰከንድ አልፏል። አራቱም ሰርቨሮች አንድ አንድ ፒዲኤፍ ይዘዋል። ማንም ለሎድ ባላንሰሩ ፒዲኤፍ ከባድ ነው ብሎ አልነገረውም። ከባዱ ሥራ ሳይመለስ ስለቆየ ቁጥሩ ራሱ ተናገረ።

እዚህ ላይ ከአዳራሹ ጥሩ ጥያቄ ተነሳ። «ይህ እኮ የአጋጣሚ ነገር ነው። ቀን ላይ የብዙ ሰው ሪኩዌስት ይደባለቃል፣ ዙሩም ይፈርሳል። ታዲያ ራውንድ ሮቢን ቀን ላይ ምን አጠፋ?» የሚል።

እውነት ነው፣ ዙሩ ይፈርሳል። ግን የቀረውን እንየው። ያው መጠን ይሁን፤ በሰከንድ ሁለት ፒዲኤፍ፣ አሁን ግን በዘፈቀደ ይምጡ። ራውንድ ሮቢን ለእያንዳንዱ ሰርቨር በአማካይ ሦስት ፒዲኤፍ ያደርሰዋል። አማካይ ነው ያልኩት። አንዳንዴ አንድ ይሆናል፣ አንዳንዴ ስድስት። ስምንት ወይም ከዚያ በላይ የሚሆንበት ጊዜ በፖይሰን ስሌት ከመቶ አንድ ትንሽ ከፍ ይላል። አራት ሰርቨር ስላለ፣ ቢያንስ አንዱ ሙሉ በሙሉ የተያዘበት ጊዜ ከመቶ ወደ አምስት ይጠጋል። በእነዚያ ቅጽበቶች ስሙን ብቻ ለማየት የመጣ ሰው፣ 50 ሚሊሰከንድ የሚበቃው ሪኩዌስት፣ ተራው እዚያ ሰርቨር ላይ ከጣለው ከፒዲኤፍ ጀርባ ይቆማል። ጎኑ ባዶ ሰርቨር እያለ። 32ቱም ዎርከር በአንድ ጊዜ የሚያዙበት ጊዜ ግን፣ በዚህ መጠን፣ የለም ማለት ይቻላል። ያን ሰው ያስጠበቀው የአቅም ማነስ ሳይሆን የአከፋፈሉ አለማየት ነው። ይህ ዓይነቱ ጉዳት በአማካይ ግራፍ ላይ አይታይም። ከመቶ 99ኛው የምላሽ ጊዜ ላይ ነው የሚታየው።

እስካሁን ሊስት ኮኔክሽንስን ሳሞግስ ነው የቆየሁት። ሁለተኛው ሌሊት ግን የእሱ ነው። ይህኛውን በደንብ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚገባበት ጉድጓድ ነውና።

አንድ ቀላል ሕግ ያስፈልገናል። ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. ማረጋገጫውን ያሳተመው ነው። ውስጥ ያለው ሥራ ብዛት፣ በሰከንድ የሚገባው ሲባዛ በቆይታው ነው ይላል።

```
L = λ × W
```

በሰከንድ 500 ሪኩዌስት ቢገባና እያንዳንዱ 0.2 ሰከንድ ቢቆይ፣ በማንኛውም ቅጽበት 100 ሪኩዌስት ውስጥ አለ። ሊስት ኮኔክሽንስ የሚያመጣጥነው ይህንን 100 ነው። የሁሉም ሰርቨር `L` እኩል እንዲሆን ይገፋል። `L` እኩል ከሆነ ደግሞ ቆይታው እጥፍ የሆነበት ሰርቨር የሚደርሰው ሪኩዌስት ግማሽ ይሆናል። የሚያዘግም ሰርቨር በራሱ ጊዜ ሥራ ይቀንስለታል፣ ፈጣኑ ይጨመርለታል። እስከዚህ ድረስ የምንፈልገው ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከሁሉም በላይ ቶሎ የሚመለሰው መልስ የትኛው ነው? የስሕተት መልስ ነው። ዳታቤዙን ማግኘት ያቃተው ሰርቨር ምንም ሳይሠራ በ2 ሚሊሰከንድ 500 የሚለውን የስሕተት ኮድ ይመልሳል። ለሊስት ኮኔክሽንስ ያ ሰርቨር ከሁሉም ጎበዝ ነው። ሁልጊዜ ባዶ ነው፣ ሁልጊዜ ቁጥሩ ትንሽ ነው።

የገጠመን እንዲህ ነበር። ሦስት ሰርቨሮች በድምሩ በሰከንድ 1500 ሪኩዌስት ያስተናግዳሉ። እያንዳንዱ 500፣ ቆይታው 200 ሚሊሰከንድ፣ ስለዚህ እያንዳንዱ 100 ክፍት ሪኩዌስት ይይዛል። አንደኛው ሰርቨር ላይ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ሳይታደስ ቀረና በ2 ሚሊሰከንድ ስሕተት መመለስ ጀመረ። ደህናዎቹ ሁለቱ 100 ክፍት ሪኩዌስት ይዘዋል፤ የተበላሸው ወደ ዜሮ ተጠግቷል። ስለዚህ አዲስ የመጣው ሁሉ ወደ ተበላሸው ሄደ። የደህናዎቹ ሪኩዌስቶች እያለቁ ሲሄዱ ቁጥራቸው ወረደ፣ ግን የተበላሸው ሁልጊዜ ከእነሱ በታች ነው። ሲረጋጋ፣ የሦስቱም ቁጥር ሦስት አራት አካባቢ ደረሰ። ሦስት ክፍት ሪኩዌስት ይዞ 200 ሚሊሰከንድ የሚቆይ ሰርቨር በሰከንድ የሚያስተናግደው 15 ብቻ ነው። የቀረው በሙሉ ወደ ተበላሸው ይፈሳል። ከመቶ ሪኩዌስት ከ90 በላይ የሚሆነው ስሕተት ይዞ ተመለሰ።

ራውንድ ሮቢን ቢሆን ኖሮ ተራውን ጠብቆ ይልክ ስለነበር ከሦስት ሰው አንዱ ብቻ ነበር ስሕተት የሚያየው። እሱም መጥፎ ነው፤ ግን ሁለቱ ሰዎች ሥራቸውን ይጨርሱ ነበር። አለማየት የተሻለበት አጋጣሚ ይህ ነው።

ሌላው አሳሳች ነገር ግራፉ ነበር። ሁሉም ስሕተት በ2 ሚሊሰከንድ ስለሚመለስ አማካይ የምላሽ ጊዜ ወደ ታች ወረደ። ፍጥነት ብቻ የሚያሳየውን ግራፍ የያዘ ሰው ሲስተሙ የተሻሻለ ነበር የሚመስለው። የደህናዎቹ ሰርቨሮች ጭነትም ወርዷል። ይህን በሽታ የሚለየው ምልክት እንዲህ ነው፦ የአንድ ሰርቨር የሪኩዌስት ብዛት ይተኮሳል፣ የእሱ ስሕተት አብሮ ይተኮሳል፣ የሌሎቹ ሥራ በዚያው ደቂቃ ይወድቃል። ሦስቱን በአንድ ላይ ካያችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

«ሄልዝ ቼክ አልነበራችሁም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነበረን። `/health` የሚለውን አድራሻ በየጥቂት ሰከንዱ ይጠይቃል። ያ አድራሻ ግን ዳታቤዙን ሳይነካ «ደህና ነኝ» የሚል ጽሑፍ ነበር የሚመልሰው። ፕሮሰሱ ሕያው ስለነበር ሁልጊዜ ደህና ነበር። ከዚያ ወዲህ `haproxy` በሚባለው ሎድ ባላንሰር ላይ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

```
backend app
    mode http
    balance leastconn
    option httpchk GET /ready
    default-server check observe layer7 error-limit 10 on-error mark-down slowstart 60s
    server a 10.0.0.11:8080
    server b 10.0.0.12:8080
    server c 10.0.0.13:8080
```

`observe layer7` ማለት ሄልዝ ቼኩን ብቻ አትመን፣ የእውነተኛ ተጠቃሚዎችን መልስም ተመልከት ማለት ነው። ሰርቨሩ 10 ጊዜ በተከታታይ ስሕተት ከመለሰ ከመስመር ይወጣል። አንድ ጥንቃቄ አለ። የወጣው ሰርቨር የሚመለሰው ሄልዝ ቼኩን ሲያልፍ ነው። ሄልዝ ቼኩ አሁንም ዳታቤዙን የማይነካ ከሆነ ሰርቨሩ ወዲያው ይመለሳል፣ እንደገና 10 ሰው ያሳዝናል፣ እንደገና ይወጣል። ስለዚህ `/ready` የሚለው አድራሻ የተበላሸው ነገር ድረስ መድረስ አለበት። አንዲት ትንሽ የዳታቤዝ ጥያቄ ትበቃለች።

`nginx` ላይ ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። በ `max_fails` የሚቆጠረው፣ ካልነገራችሁት በስተቀር፣ መገናኘት ያቃተውና ታይምአውት የሆነው ነው። 500 ብሎ በሥርዓት የመለሰ ሰርቨር ለእሱ እንደ ደህና ነው። እንዲቆጠር ከፈለጋችሁ `proxy_next_upstream` ላይ `http_500` ብላችሁ መጨመር አለባችሁ።

ከላይ `slowstart 60s` የሚል አይታችኋል። እሱም የመጣው ከዚሁ ባሕርይ ነው። ክፍት ሆነው ለሰዓታት የሚቆዩ ኮኔክሽኖችን አስቡ፣ እንደ ዌብሶኬት ያሉትን። ሦስት ሰርቨር፣ እያንዳንዱ 3000 ኮኔክሽን ይዟል። ሀን አጥፍታችሁ ታስነሳላችሁ። የእሱ 3000 ለ እና ሐ ላይ ይከፈላል፤ 4500፣ 4500 ይሆናሉ። ሀ ዜሮ ይዞ ተመለሰ። ራውንድ ሮቢን ከሆነ አዲስ የሚመጣውን ለሦስቱም እኩል ስለሚያድል፣ ሀ አሮጌዎቹ ኮኔክሽኖች እስኪዘጉ ድረስ ከኋላ ይቀራል። ሊስት ኮኔክሽንስ ከሆነ ሚዛኑን ቶሎ ይመልሳል። ግን የሚመልሰው አዲስ የመጣውን ሁሉ ሀ ላይ በመጫን ነው። ሀ ደግሞ ገና አሁን ተነስቷል፤ ካሹ ባዶ ነው፣ አዲስ ኮኔክሽን ሁሉ ማንነት ማረጋገጥና መረጃ መጫን ይጠይቃል። በዚህ ጭነት ወድቆ፣ ተነስቶ፣ እንደገና የሚወድቅ ሰርቨር አይቻለሁ። `slowstart` የሰርቨሩን ድርሻ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ያደርገዋል። ረጅም ኮኔክሽን ላላችሁ ሊስት ኮኔክሽንስን እመክራለሁ፤ ያለ `slowstart` ግን አልመክርም።

አንድ ነገር ቶሎ ብዬ ልለፍ። ሎድ ባላንሰሩ የሚቆጥረው በራሱ በኩል ያለፈውን ብቻ ነው። `nginx` በርካታ ፕሮሰስ ይዞ ይሠራል፤ `zone` ካልጻፋችሁ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የየራሱን ቁጥር ይይዛል። ስምንት ፕሮሰስ ካለ እያንዳንዱ የሚያየው ከሙሉው ሥራ ስምንተኛውን ነው፤ ቁጥሮቹ ብዙ ጊዜ ዜሮና አንድ ይሆኑና ምርጫው ትርጉም ያጣል።

```
upstream app {
    zone app 64k;
    least_conn;
    server 10.0.0.11:8080;
    server 10.0.0.12:8080;
}
```

ሎድ ባላንሰሮቹ ራሳቸው በተለያየ ማሽን ላይ ከሆኑ `zone` አያድናችሁም፤ የሚጋራው በአንድ ማሽን ውስጥ ነው። እዚያ ጋ `random two least_conn` የሚለውን እወደዋለሁ። ሁለት ሰርቨር በዘፈቀደ ያነሳና ከሁለቱ ቁጥሩ ትንሽ ለሆነው ይሰጣል። ሁሉም ሎድ ባላንሰር በአንድ ጊዜ ያንኑ «ባዶ» ሰርቨር አይቶ አብሮ እንዳይሮጥበት ያደርጋል።

መጨረሻ ላይ አንዲት ወጣት ኢንጂነር የጠየቀችኝን ላንሳ። «እኛ ጋ ሪኩዌስቶቹ በሙሉ አጫጭር ናቸው፣ ሰርቨሮቹም አንድ ዓይነት ናቸው። ልቀይር ወይስ ልተወው?» አለችኝ።

እውነት እንደዚያ ከሆነ ተይው አልኳት። ሁሉም ሪኩዌስት 10 ሚሊሰከንድ ከሆነ የሁሉም ቁጥር ሁልጊዜ የተቀራረበ ነው፤ ሊስት ኮኔክሽንስ የሚለየው ነገር የለውም። የ`haproxy` መመሪያ ራሱ `leastconn`ን የሚመክረው ረጅም ለሆኑ ግንኙነቶች ነው። ራውንድ ሮቢን ለመረዳት ይቀላል፣ ስሕተት ወደሚመልስ ሰርቨርም አይሮጥም። ግን «እውነት እንደዚያ ከሆነ» ያልኩትን በግምት አትለፊው አልኳት። የ`haproxy` ስታቲስቲክስ ገጽን የCSV ቅጂ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ክፈቺ። `stot` እስካሁን የተላከው ነው፤ በራውንድ ሮቢን ሁልጊዜ እኩል ነው፣ ምንም አይነግርሽም። `scur` አሁን ክፍት ያለው ነው። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለሽ እሱን ተመልከቺ። የሰርቨሮቹ `scur` ተቀራርቦ ከዋለ ምንም አትንኪ። አንዱ 40 ላይ ወጥቶ ሌሎቹ 3 ላይ ከቀሩ፣ መጀመሪያ የዚያን ሰርቨር ክፍት ሪኩዌስቶች አድራሻ ከሎግ አውጪ። ሁሉም አንድ ዓይነት አድራሻ ከሆኑ የእኔ ፒዲኤፍ ነው የገጠመሽ፣ `leastconn` አድርጊው። የተለያዩ ከሆኑና ሁሉም እዚያ ሰርቨር ላይ ብቻ የሚዘገዩ ከሆነ ግን የታመመው ማሽኑ ነው። እሱን ከመስመር አውጥተሽ መርምሪ፤ አከፋፈሉን መቀየር በሽታውን ይሸፍንብሻል እንጂ አያድነውም።